አንድ ክፍያ፣ ሦስት ዓይነት ድምፅ

ወርኃዊ ክፍያው አንድ ነው። የይለፍ ቃሉም አንድ፣ የዘፈን ዝርዝሩም አንድ። ታዲያ ለምንድን ነው ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው፣ በብሮውዘር የሚከፈተውና ስልክ ላይ ያለው መተግበሪያ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች የሚሆኑት? አንዱ ላይ ያለው ምርጫ ሌላው ላይ የለም፤ አንዱ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማው ሌላው ላይ ይታፈናል። እኛም “አንተም ጋ እንዲህ ነው?” እየተባባልን እንኖራለን።

ቡራዩ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ጽሑፍ ቤት ያለው ወዳጄ በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ተበሳጭቷል። የሱቁ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ቦታው ሞልቶ አዲስ ነገር መጫን ስለማይችል ሙዚቃውን የሚከፍተው በብሮውዘር ነው። ስልኩ ላይ የሚያውቀው ቤዝ እዚያ ሲደክምበት መጀመሪያ የጠረጠረው ስፒከሩን ነው። ገመድ ቀየረ፣ ሶኬት ቀየረ። ቀጥሎ የድምፅ ጥራት የሚመረጥበትን ቦታ ፍለጋ ቅንብሩን ከላይ እስከ ታች አገላበጠ። የለም። ስልኩ ላይ ግን አለ፣ እሱም ከፍተኛው ላይ ተደርጓል። “ገንዘቡን የሚወስዱት ከአንድ ሰው አይደል እንዴ?” አለኝ። ምን ልበለው?

የሱን መተግበሪያ ስም ልተወውና ቁጥሮቹን በግልጽ ያሳወቀውን ስፖቲፋይን ላንሳ። ጥራቱ የሚለካው በሰከንድ በሚላከው መረጃ ነው፤ መለኪያው ኪሎቢት ይባላል። ስልክና ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው መተግበሪያ ከ24 ጀምሮ 96፣ 160፣ ለከፋይ ደግሞ 320 ያስመርጣል። በብሮውዘር የሚከፈተው ግን በነፃ ለሚያዳምጥ 128፣ ለከፋይ 256 ይሰጣል። የድምፁ አስተሻሸግም ይለያል፤ የተጫነው በዋናነት ኦግ ቮርቢስ የሚባለውን ሲጠቀም ብሮውዘሩ የሚጠቀመው ኤኤሲን ነው። በእርግጥ 256 መጥፎ ድምፅ አይደለም፤ በደህና ማዳመጫም ቢሆን ከ320ው ለመለየት የሚቸገረው ብዙ ነው። የሚያናድደው ልዩነት መኖሩን የሚነግረን አለመኖሩ ነው።

ልዩነቱ እውነተኛ ምክንያት አለው፣ ልካድ አልልም። ብሮውዘር የዘፈን አቅራቢው ንብረት አይደለም። ክሮም አለ፣ ፋየርፎክስ አለ፣ ሳፋሪ አለ፤ ሁሉም የየራሳቸው ባለቤት አላቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ፋይል አያጫውቱም። ሳፋሪ ለረጅም ዓመታት ኦግ ቮርቢስን አያጫውትም ነበር። ስለዚህ አቅራቢው ሁሉም ጋ የሚሠራውን ኤኤሲን ይመርጣል። በዚያ ላይ ዘፈኑ እንዳይቀዳ መቆለፍ አለበት፤ ቁልፉም የብሮውዘሩ ነው፣ ክሮም ላይ ዋይድቫይን፣ ሳፋሪ ላይ ፌርፕሌይ። ዘፈን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማዳመጥ በብሮውዘር የማይገኘውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። ብሮውዘር ያስቀመጠውን ነገር ቦታ ሲያጥረው ሊያጠፋው ይችላል፤ ሳፋሪማ ሰባት ቀን ያልተጎበኘን ገጽ ማከማቻ ያጸዳል። እዚያ ላይ አልበም አስቀምጦ ማን ይተማመናል?

ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው በምክንያቱ ተሸፍኖ የሚያልፈውን የኩባንያ ምርጫ ነው። የስፖቲፋይ ነፃ ተጠቃሚ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት ስልኩ ላይ አብዛኛውን ዘፈን መርጦ መስማት አይችልም ነበር፤ የሚመጣለት ተቀላቅሎ ነበር። ያው ሰው ኮምፒውተሩ ላይ የፈለገውን ይመርጣል። ስልኩ አቅቶት አይደለም፤ ስልክ የብዙ ሰው መጠቀሚያ ስለሆነ ለመክፈል የሚያስገድደው እዚያ ነው ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሲፈቀድ ስልኮቹ አልተቀየሩም፣ የኩባንያው ሐሳብ ነው የተቀየረው።

አፕል ሙዚቃም ምንም ያልተቆረጠበትን ድምፅ እ.ኤ.አ. በ2021 ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሲጀምር የራሱን ስልኮችና ኮምፒውተሮች አስቀደመ። በዊንዶውስ የሚጠቀመው ሰው አሮጌው አይቱንስ ላይ ቀረ፤ አዲሱ የዊንዶውስ መተግበሪያ ከሙከራ ወጥቶ በይፋ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። እያንዳንዱ መተግበሪያ ለብቻው ይጻፋል፣ ለብቻው ይፈተናል፤ ብዙ ተጠቃሚ የሌለው ወረፋ ይጠብቃል። እኛም አገር ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ ከመሠረቱት መካከል የሆኑበት አውታር በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር በስልክ መተግበሪያነት ነበር። ገበያው ስልክ ላይ ስለሆነ ይገባኛል፤ ኮምፒውተር ፊት ቆሞ የሚውለው ባለሱቅ ግን ሁሌም ተከታይ ነው።

ስልኩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጥራቱ ሁለት ቦታ ይመረጣል፤ አንዱ ለዋይፋይ፣ ሌላው ለሞባይል ዳታ። ለማውረድም ሌላ ሦስተኛ አለ። አንዱን ያስተካከለ ሁሉንም ያስተካከለ ይመስለዋል። ከቡራዩ በአስኮ አድርጎ ፒያሳ የሚሠራ ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ታክሲ ውስጥ ቢያዳምጥ እንበል። በ320 ከሆነ በሰዓት 144 ሜጋባይት፣ በቀን 288 ይወስድበታል፤ አንድ ጊጋባይት አራተኛ ቀን ሳይሞላ ያልቃል። በ96 ቢያደርገው በቀን 86 ገደማ ነው፤ ያው ጊጋባይት አሥራ አንድ ቀን ያስኬደዋል። በታክሲ ሞተር ጩኸት ውስጥ፣ በርካሽ ማዳመጫ፣ ልዩነቱን የሚሰማው ብዙ አይደለም። ጥቅል አለቀብኝ የሚለው ሰው ሁሉ ግን ይህን ስሌት የሚያገኘው የት ነው? ምርጫው ላይ ብዙ ጊዜ “ከፍተኛ” ብቻ ይጻፋል፣ “በሰዓት ይህን ያህል ዳታ ይበላል” የሚል አይገኝም።

ስልኩ ላይ ያስተካከልከው ደግሞ ኮምፒውተሩን አይከተልም። የዘፈን ዝርዝርህ ባንድ አፍታ በሁሉም ላይ ይታያል፣ የጥራት ምርጫህ ግን በየመሣሪያው እንደ አዲስ ይጠየቃል። ስልክ የቀየረ ሰው “አውቶማቲክ” ላይ ተመልሶ ወር ሙሉ ሳያውቅ ይቆያል።

ድምፁ ደከመ ሲባልም ጥፋቱ ሁልጊዜ የጥራቱ አይደለም። የዘፈኖችን ጩኸት እኩል የሚያደርገው ማስተካከያ ስልኩ ላይ በርቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ ጆሮ ደግሞ ትንሽ ጮክ ያለውን ሁልጊዜ የተሻለ አድርጎ ይሰማዋል። ለማወቅ የሁለቱን ድምፅ እኩል እስኪሆን አስተካክሎ ያንኑ ዘፈን ከዚያው ቦታ ማጫወት ነው፣ በአንድ ስፒከር፣ በገመድ። በብሉቱዝ ከሆነ አይሠራም፤ ብሉቱዝ ድምፁን እንደገና ስለሚያሽገው ያልተቆረጠው ፋይል እንኳ ስፒከሩ ጋ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ተቆርጧል። ወዳጄ በዚህ መንገድ ሲያነጻጽር የሱቁ ድምፅ ካሰበው ያነሰ ልዩነት እንዳለው ሰማ። ግን ይህን ለማወቅ ገመድ ገዝቷል፣ ከደንበኛ ሥራ ጊዜ ወስዷል።

ክፍያ የሚፈጸምበት ገጽ ላይ ትንሽ ሰንጠረዥ ማድረግ ምን ያቅታቸዋል? ስልክ ላይ ይህን ያህል፣ ኮምፒውተር ላይ ይህን ያህል፣ ብሮውዘር ላይ ይህን ያህል፣ ማውረድ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም፣ በሰዓት ይህን ያህል ሜጋባይት። አንዳንዶቹ መረጃውን ጽፈውታል፣ የእርዳታ ገጽ ውስጥ ተቀብሮ፣ በእንግሊዝኛ፣ ችግሩ ደርሶበት ለሚፈልገው ብቻ። እኛ የምንፈልገው ከመክፈላችን በፊት፣ በምናነበው ቋንቋ ነው።