ዓረቢያን ማን ሸፈናት?

የመሬት ሳይንስ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ መሳል ከጀመሩ ዞር አይሉም። በስልኬ ባነሳሁት የአፋር ካርታ ላይ ትከሻቸው ዓረቢያን ውጧታል። ካርታውን ወረቀት ላይ እንደገና ሳልኩና አንስቼ Anki ውስጥ Image Occlusion በሚለው የካርድ ዓይነት አስገባሁት። ስሞቹን በአራት ማዕዘን መሸፈን ነው፤ እያንዳንዱ ሽፋን አንድ ካርድ ይሆናል። ኑቢያ፣ ሶማሊያና ዓረቢያ የሚባሉትን ሦስት ፕሌቶች፣ ከዚያም የሚለያዩባቸውን ቀይ ባሕርን፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤንና ዋናውን የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሸፈንኩ።

ማታ የዶርም ጓደኛዬ ጠያቂ ሆነ። እንደ ውዳሴ ማርያም አወረድኩለት። ተጠራጠረና የቀሩትን ስሞች በእጁ ከለላቸው። ዓረቢያ ጠፋችኝ!

ለካስ የመረጥኩት Hide One, Guess One አንዱን ብቻ ይሸፍንና አምስቱን ስም ገልጦ ያሳያል፤ የጎደለውን ለመንገር ጂኦሎጂ አያስፈልግም። Hide All, Guess One ሁሉንም ይሸፍናል። እሱም ቢሆን ረጅሙ ሽፋን “የኤደን ባሕረ ሰላጤ” መሆኑን ያሳብቃልና ሽፋኖቹን እኩል አደረግኳቸው።

ቀጥሎ የስምጥ ሸለቆው ቁርጥ ሥዕል መጣ፤ የኔ ነገር እዚህ ነው የተወሳሰበው። ሁለት ስንጥቆች ከላይ ተራርቀው ወደ ታች እየተቀራረቡ ይወርዳሉ፣ በመካከላቸው ያለው መሬት ሰጥሟል። እዚህ ስም መሸፈን ትርጉም የለውም፤ መሸፈን ያለበት እንቅስቃሴውን የሚያሳየው ቀስት ነው። የግራውን ስሸፍን የቀኙ መልሱን ነገረኝ። ስለዚህ ሁለቱን ሽፋኖች በቡድን አሰርኳቸው፤ አንድ ካርድ ሆኑ።

“ታዲያ ወደ ታች መሆኑን በምን ታውቃለህ?” አለኝ ጓደኛዬ።

ከተጋደመው ስንጥቅ በላይ የተቀመጠውን ጎን ፈልግ፤ መሬት ሲለጠጥ እሱ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ሲጨመቅ ግን ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ስነግረው ካርዴ ላይ የጎደለው ታየኝ፤ ሥዕሉ መለጠጥ ይሁን መጨመቅ አይናገርም። Header በሚለው ቦታ “መሬቱ እየተለጠጠ ነው፤ ቀስቶቹ ወዴት?” ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ሲገለጥ ብቻ በሚታየው Back Extra ደግሞ ምክንያቱንና አንድ ምሳሌ አኖርኩ፦ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አዲስ አበባ 1,600 ሜትር ገደማ ወዳለችው አዳማ የሚወርድ አውቶቡስ እነዚህን ደረጃዎች ነው የሚረግጠው።

አንድ ነገር ግን በአራት ማዕዘን አልሸፈን አለኝ፤ ጊዜ። ስምጥ ሸለቆው በዓመት በሚሊሜትር ይሰፋል ተብለናል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ግን አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ሰንጥቆ ገባና በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ከፈተው። ይህን ሥዕል አልባ በሆነ ተራ የጥያቄ ካርድ ጻፍኩት። ጓደኛዬ አነበበውና፣ “ሚሊሜትሩ ታዲያ የምን ነው?” አለ። የብዙ ዘመን አማካይ ነው አልኩት፤ እሱም ሌላ ካርድ ሆነ።