እያለቀ ነው

ሥራ አስኪያጃችን ጂራ ላይ PAY-142 የሚለውን ካርድ እያሳዩ፣ «ይህ የክፍያ ማረጋገጫ መልእክት ለደንበኛ መላክ የሚጀምረው መቼ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ስልካቸው ጮኸ። ማታ የከፈሉት ሒሳብ ማረጋገጫ ነበር። የላከላቸውም ያው የካርዱ ሥራ ነው። ካርዱ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ «In Progress» ላይ እንደተጎለተ ነው።

ሥራ የጨረሰ ሰው ወደሚቀጥለው ሥራ ይሮጣል እንጂ ካርድ ሊገፋ ወደ ቦርዱ አይመለስም። ስለዚህ ቦርዱንና እውነቱን ማስታረቅ የእኔ ዕጣ ሆኗል። ቡድኑን ሰብስቦ «የት ደረሰ?» ማለት ዋጋ የለውም፤ መልሱ «እያለቀ ነው» ነው። ካለቀ የሰነበተውም፣ ገና ያልተነካውም እኩል እያለቀ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሉኝታ የማያውቀውን ጊትን ነው፦

```
git log main --oneline --since="3 weeks ago" --grep="PAY-"
```

ይህ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ የገባውን ኮድ ከነካርድ ቁጥሩ ያወጣልኛል። ቁጥሩ እዚያ ስለተገኘ ብቻ ግን ካርዱን «Done» አልለውም። ኮዱ ቅርንጫፉ ውስጥ ገብቶ ደንበኛው ጋ ላይደርስ ይችላልና ባለቤቱን «ዛሬ ደንበኛ ይጠቀምበታል?» እለዋለሁ። PAY-157 የተጋለጠው በዚህች ጥያቄ ነው። ቦርዱ ላይ «Done»፣ ኮዱም ገብቷል፤ ሰርቨሩ ላይ ግን የለም። «እኔ ጋ ይሠራል!» አለ ባለቤቱ። ደንበኞቻችንን በየተራ እሱ ወንበር ላይ ልናስቀምጣቸው ነው መሰለኝ።

ከሁሉ የሚገርመው ካርድ የሌለው ሥራ ነው። የካርድ ቁጥር ያልተጻፈበትን ለማግኘት ጥያቄውን እገለብጠዋለሁ፦

```
git log main --oneline --since="3 weeks ago" --invert-grep --grep="PAY-"
```

ዝርዝሩ ረጅም ነበር፤ አብዛኛውም የአንዲት ዝምተኛ ባልደረባችን ነው። ቦርዱን ያየ ሥራ ፈታ የከረመች ይመስለዋል። እሷ ግን ከባንኩ ጋር የሚያገናኘንን መስመር በተበጠሰ ቁጥር ስትጠግን ነው የከረመችው። «ካርድ ለምን አልከፈትሽም?» ብላት፣ «ካርድ እስክከፍት ክፍያው ይቆም ነበራ!» አለችኝ። ካርዱን ራሴ ከፍቼ በስሟ አስመዘገብኩላት።

ማስተካከሉም ጣጣ አለው። ጂራ ካርዱ የተዘጋበት ቀን ብሎ የሚመዘግበው ሥራው ያለቀበትን ሳይሆን ካርዱ የተገፋበትን ዕለት ነው። የዘገዩትን ካርዶች ባንዴ ስገፋቸው፣ ቀሪውን ሥራ የሚያሳየው ግራፍ ሁለት ሳምንት ሜዳ ሆኖ ቆይቶ በመጨረሻው ቀን ገደል ገባ። በአራት ቀን ያለቀውም ሥራ ሦስት ሳምንት የፈጀ ሆኖ ተመዘገበ። ትክክለኛውን ቀን በየካርዱ አስተያየት ላይ ጻፍኩ፤ ግራፉ ግን አስተያየት አያነብም።

ሥራ አስኪያጃችን ገደሉን አይተው፣ «ቆርጣችሁ ስትነሡማ በአንድ ቀን እንዲህ ትሠራላችሁ!» ብለው አመሰገኑን። እናንተም ቦርዳችሁን ባጸዳችሁበት ሰሞን የወጣውን ግራፍ የፍጥነታችሁ መለኪያ አድርጋችሁ ለአለቃ አታቅርቡ።