በሬ፣ በግ ወይስ በቅሎ?

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የትርጉም ሥራ የሚሠራ ሰው ቀኑን የሚገፋው በልደት ምስክር ወረቀት፣ በጋብቻ ሰርተፍኬትና በትምህርት ማስረጃ ነው። እነዚህ ራስ አያዞሩም፤ ቅጹ የታወቀ ስለሆነ ስምና ቀን እየቀየሩ መሄድ ነው። ቢበዛ ቢበዛ «ገብረ» ከ«ሥላሴ» ተነጥሎ ይጻፍ አይጻፍ ተብሎ ትንሽ ይጨቃጨቁበታል። በእጅ የተጻፈ የቤተሰብ ደብዳቤ የመጣ ዕለት ግን እኔ ዋጋ ከመናገሬ በፊት ቡና አዛለሁ።

ይህኛው የመጣው በቴሌግራም ነው። ላኪው ለገና ከአሜሪካ የገባ ጎልማሳ ሲሆን፣ ደብዳቤውን ያገኘው ገርጂ ካለው የአክስቱ ቤት፣ አባቱ ትተውት ከሄዱት ሣጥን ውስጥ ነው። «ጋሼ፣ አያቴ አባቴ አዲስ አበባ ሳለ የላከችለት ነው። ልጆቼ አማርኛ አያነቡም፤ በእንግሊዝኛ ይድረሳቸው ብዬ ነው» አለኝ። አክስቱም አብረው መጥተዋል። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና «እኔ ያን ጊዜ እዚያው ቤት ነበርኩ። አንብቤ ልንገርህ ብለው ማኅተም ያለበት ይሻለኛል አለኝ» አሉ። ሥራውን ሳልጀምር ተፎካካሪ አገኘሁ ማለት ነው።

ስልኬን ከፍቼ ፎቶውን አየሁት። መሐሉ ላይ የፍላሹ ብርሃን አርፎ አራት መስመር አንጥቷል፤ ከታች በኩል የአንሺው አውራ ጣት «እግዚአብሔር» ከሚለው ቃል ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱ ስስ ነው፤ ግራና ቀኙ ስለተጻፈበት የጀርባው ቀለም ወደ ፊት ዘልቋል። በአማርኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከኋላ የዘለቀች አንዲት ጭረት «ሰ» አጠገብ ካረፈች «ሱ» ታደርገዋለች፣ ዝቅ ካለች ደግሞ «ሲ»። እንዲህ ባለ ፎቶ ላይ መዝገበ ቃላት ቢከምሩ አይረዳም። ስለዚህ ልጁን መልሼ ሰደድኩት፦ ፍላሹን አጥፋ፤ ወረቀቱን መስኮት አጠገብ ዘርጋው፤ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፍበት፣ የጀርባው ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ ስልኩን ሳታዘነብል ከላይ ቀጥ አድርገህ አንሳ፤ አራቱም ጠርዝ ይታይ፤ ስትልከው ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ አለዚያ ቴሌግራም ይጨምቀዋል።

«ለአንዲት ደብዳቤ ይሄ ሁሉ?» አሉ አክስትየው።

በማግስቱ የመጣው ፎቶ ግን ሌላ ነበር። አያትየው ፊደል የቆጠሩት በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስማቸውን ለመጻፍ ያህል ነው፤ ከግርጌ የተንጋደደችው ስም የራሳቸው ናት። ሌላውን የጻፈላቸው የጎረቤት ተማሪ ነው። የማላውቀው እጅ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ ጥርጥር የሌለባቸውን ቃላት፣ «ተመስገን»፣ «ቀን»፣ «ሰላምታ» የመሳሰሉትን እየለቀምኩ የጸሐፊውን ፊደል ለብቻው እደረድራለሁ። የዚህ ተማሪ «ቀ» ክቧ ተጨፍልቃ ከ«ተ» ጋር እህትማማች ሆናለች። ይህን ቀድሞ ማወቅ ኋላ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ቀኑ ራሱ የመጀመሪያው ፈተና ነበር። «ጥር» ይላል፤ አሃዙን ቀለም ውጦታል። ዓመቱ «19» ብሎ ይጀምርና ሦስተኛው አሃዝ ላይ የስቴፕለር ሽቦ ዝጎበታል፤ ከዚያ «9»። 69፣ 79፣ 89 ሁሉም ይሆናል። ነገር ግን እናትየው «ትናንት አስተርእዮ ማርያምን አንግሠን» ይላሉ፤ አስተርእዮ ጥር 21 ስለሆነች ደብዳቤው የተጻፈው ጥር 22 ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ «የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከነገ ወዲያ እሑድ ለሕገ መንግሥቱ ድምፅ ትሰጣላችሁ ብሎናል» የሚል አለ። የደርግ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው እሑድ ጥር 24 ቀን 1979 ነው። በአውሮፓውያኑ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1987 መሆኑ ነው፤ ደብዳቤው እንግዲህ የጃንዋሪ 30 ነው። ሊቀ መንበሩ ሳያስበው መሰከረልኝ። ይሁንና በትርጉሙ ላይ ቀኑን ደፍሬ አልሞላሁትም። በቦታው በካሬ ቅንፍ «አይነበብም» ብዬ፣ ከግርጌ ከየት አምጥቼ እንዳሰላሁት ጻፍኩ። ደብዳቤው ያለውና እኔ የደረስኩበት አንድ ላይ ከተቀላቀሉ ነገ ማንም ሊለያቸው አይችልም። ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን የሚገባ ትርጉም ላይ ተርጓሚው ሙሉና ትክክለኛ ነው ብሎ ይፈርማል፤ ይህች ወረቀት ኤምባሲ ባትደርስም እኔ የለመደብኝን አልተውም።

ከዚህ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። ወረቀቱ ለዓመታት በታጠፈበት መስመር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ወድቋል። በመጀመሪያው ፎቶ የሚታየው «በ»፣ ከዚያ ጥቁረት፣ ከዚያ «ችን»፣ ቀጥሎ «ሞቋል» ወይም «ሞቷል»፣ ከዚያም «ጎረቤቱም ሁሉ እየመጣ ይውላል» የሚል ነበር። «ቤታችን ሞቋል» ከሆነ ደስታ ነው። «በሬያችን ሞቷል» ከሆነ ኀዘን ነው። ጎረቤት ደግሞ ለሁለቱም ይመጣል።

አዲሱ ፎቶ ግማሹን ፈታው። ግሡን በደረደርኩት ፊደል አጠገብ ሳስቀምጠው «ቷ» እንጂ «ቋ» አይደለም፤ የተማሪው «ቀ» የቱንም ያህል ብትጨፈለቅ በመሐሏ ትንሽ ነጭ አታጣም፣ እዚህ ግን መስቀለኛ ጭረት ብቻ ነው። «በ»ም እግሯ ላይ ቀለበት የላትም፤ ስለዚህ «ቤ» አይደለችም። ቤቱ ወደቀ። አንድ ነገር ሞቷል። ምን? መሐሉ ላይ ወረቀቱ ራሱ ተበልቶ አልቋል፤ ቢያጎሉት የሚታየው የተነጠፈው ጥቁር ወረቀት ነው። ክፍተቱ ለአንድ ሰፊ ወይም ለሁለት ጠባብ ፊደል ይበቃል። በሬያችን፣ በጋችን፣ በቅሏችን፣ ሦስቱም ይገባሉ።

«በቅሏችን ናት» አሉ አክስትየው ሳያመነቱ። «አባቴ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እትዬ፣ በቅሎዋ ብትሆን ሞታለች አይልም ነበር?»

«ወንድ በቅሎ የለም እንዴ?»

መልስ አጣሁ። ትንሽ ቆይቼ «ዝቅ ብሎ ስለ እርሻ ያነሳል፤ ወደ በሬ ያደላል» ብል፣ «አባቴ እርሻው ድረስ የሚሄደው በምን ሆነና?» አሉኝ። ልጁ በበኩሉ በሬ ይሻለኛል አለ፤ ልጆቹ በሬ በሥዕል ያውቃሉ። እኔ ግን «የእኛ» ብዬ፣ በቅንፍ «አንድ ቃል፤ ወረቀቱ ተበልቷል፤ በ‹በ› ይጀምራል፤ የቤት እንስሳ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ፣ «ሞቷል» ብዬ አለፍኩ። የአክስቱን ምስክርነት ከግርጌ፣ የቤተሰብ ቃል መሆኑን ጠቅሼ አስገባሁት። «አይነበብም» ማለትና «ተበልቷል» ማለትም አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያውን የተሻለ ፎቶ ወይም የተሻለ ዓይን ሊያነበው ይችላል፣ ሁለተኛውን ማንም አያነበውም። አክስትየው ረቂቁን ተቀብለው ቅንፎቹን ሲቆጥሩ ቆዩና «ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ አስመሰልከው» አሉኝ።

ቅንፉን ከጨረስን በኋላ የቀረው የእናትየው ድምፅ ነው። ደብዳቤው የሚጀምረው «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብሎ ነው። ይህ ከትምህርት ቤት የተለመደ የተማሪው አፍ ስለሆነ እንግሊዝኛውንም ደረቅና ሥነ ሥርዓት የያዘ አደረግሁት። ከአምስተኛው መስመር ጀምሮ ግን ተማሪው ከእናትየው ጋር መሮጥ አቅቶታል፤ አራት ነጥብ ይጠፋል፣ ሁሉም ነገር በ«ደግሞም» ይያያዛል፣ «ሰንብተሃል» የተባለው ልጅም «ናፈቅሽኝ» ይባላል። አሜሪካዊው ጎልማሳ ግራ ገባው፤ የሌላ ሰው ደብዳቤ ተቀላቅሎ መሰለው። ተማሪው ተሳስቶም እንዳይሆን «ሽ» ሦስት ቦታ አናቷን ደፍታ ቁልጭ ብላ ትነበባለች። እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «አንቺ» ትላለች፤ አክስቱ ይህን ሲነግሩት «አባቴን?» ብሎ ሳቀ፤ አባቱ ቁመተ ረጅም ናቸው አሉ። እንግሊዝኛው ወንድና ሴቱን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ነገሩ ተደምስሶ ሊቀር ነው። ያለኝ አማራጭ ከዚህ ጀምሮ ልጃቸውን በፍቅር በሴት አንቀጽ ይጠሩታል የሚል አጭር ቅንፍ መክተት ብቻ ነበር። የሮጠውን ዓረፍተ ነገርም አልቆራረጥኩትም፤ አራት ነጥብ ባስገባ ሴትየዋ ትንፋሽ የወሰዱ ይመስላል፣ እሳቸው ግን አልወሰዱም።

ከእንስሳው ሞት ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «ብር ላክልን ማለቴ አይደለም አንቺም የራስሽ አለብሽ ብቻ የእርሻው ጊዜ መምጣቱ አይቀርም»። ልጁ «ገንዘብ ላክልኝ ነው የምትለው፤ እንደዚያ በለው» አለኝ። እንደዚያ ብለው ትርጉሙ ልክ ነው፤ ሴትየዋ ግን ይጠፋሉ። ሰው አማርኛ ላይ አርባ መስመር ዞሮ የደበቀውን እኔ እንግሊዝኛ ላይ አደባባይ ላውጣው? መካዳቸውንም፣ «ብቻ» የምትለውንም፣ የእርሻውንም ነገር በቅደም ተከተላቸው አስቀመጥኳቸው። አሜሪካ ያሉት የልጅ ልጆች ብልጥ ከሆኑ ይገባቸዋል።

የመጨረሻው አንቀጽ የተማሪው የራሱ ነው። «እኔም ጸሐፊው እጅ እነሳለሁ፣ የያዝኩት እስክሪብቶ ሊያልቅ ስለሆነ» ይልና ቀለሙ እየሳሳ፣ እየተቆራረጠ፣ ድርቅ ይላል። እዚህ ላይ ቅንፌን ከፍቼ «ቀለም አልቋል» ልል ስል፣ እስክሪብቶ ቀለም ሲጨርስ ጫፉ ወረቀቱን መጫኑን እንደማይተው ትዝ አለኝ። ዋናውን ወረቀት አስመጣሁ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ የስልክ መብራት ከጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ዝቅ አድርጌ አበራሁበት። ጭረቶቹ ጥላ አወጡ። አክስትየው ከእኔ ቀድመው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ በዚህኛው እንኳ አልተከራከርንም።

«ሁለት ላክልኝ» ይላል። «አንዱ ቀይ ይሁን።»