ከ3 ገጽ አባሪ ጋር

ባለፈው ጥቅምት አንድ መሥሪያ ቤት የዋጋ መጠየቂያ ደብዳቤ በኢሜይል ላከልን። እኔ ምን አለሽ ተራ ውስጥ በርሜል እየተቆረጠ ምድጃና የቆሻሻ መጣያ የሚሠራበት አንድ ሱቅ ሂሳብና ጽሕፈት ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብርቄ አይደለም፤ ይሄኛው ግን በሙያው የበቃ ነው።

«እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገራችሁ» ብሎ ይጀምራል። ደብዳቤው ሲደርሰን ግን 2018 ዓ.ም. ነበር፤ ማርቆስ ከገባ ሁለተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ደብዳቤው የተላከው ለእኛ፣ የተጻፈው ለአንድ የኤሌክትሮኒክስ አስመጪ ነው። ጉዳዩ «የላብቶፕ ግዥን ይመለከታል» ይላል። ወደ ውስጥ ሲገባ 40 የቆሻሻ መጣያ በርሜል ይጠይቃል። በርሜሎቹ ኦሪጅናል፣ ባትሪያቸው ረጅም ሰዓት የሚቆይና ከነቻርጀራቸው የሚቀርቡ እንዲሆኑ ያሳስባል። የቀረው ዝርዝር «ከ3 ገጽ አባሪ ጋር ተያይዞ ቀርቧል»። አባሪ አልነበረም።

ለሠሪው ጋሼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡና «አንቺ ልጅ፣ ላፕቶፑን በስንት ሚሊ ላሜራ ነው የሚፈልጉት?» አሉኝ።

ሰዎች ይህን ስንፍና ይሉታል፤ ተሳስተዋል። የአምናን ደብዳቤ ከፍቶ ዘንድሮ ላይ ማዋል ለመንግሥት ጊዜና ወረቀት መቆርቆር ነው። ሰላምታውንም ቢሆን ታግሦ ለጠበቀው ትክክል ይሆናል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። ስለዚህ ይኸው ሰላምታ በ2021 መስከረም ላይ አንድም ፊደል ሳይነካ እንደ አዲስ ይሠራል። በየአራት ዓመቱ ራሱን የሚያርም ደብዳቤ ለመጻፍ ጸሐፊው ማድረግ ያለበት ምንም አለማድረግ ነው። ሙያ ማለት ይህ ነው።

የላፕቶፑም ነገር ምሥጢር የለውም። ጸሐፊው ኮምፒውተሩን «ላፕቶፕ ያለበትን ሁሉ በርሜል በልልኝ» ብሎ አዘዘው፤ ኮምፒውተሩም ታዛዥ ነውና አደረገ። ርዕሱ ላይ ግን ቃሉ በ«ብ» ተጽፎ ስለነበር «ላብቶፕ» ሳይነካ ቀረ። በእኛ ፊደል ይህ ወጥመድ ብዙ ነው። አንዱ ስሙን በ«ፀ» ሌላው በ«ጸ»፣ አንዱ በ«ሃ» ሌላው በ«ሐ» ይጽፈዋል፤ ማሽኑ ደግሞ ሁለቱን እንደማይተዋወቁ ሰዎች ነው የሚያያቸው። አንዱን ቀይሮ ሌላውን ያልፈዋል፤ ደብዳቤውም ላይኛው መስመር ላይ ለእኛ፣ ታችኛው ላይ ለሌላ ሰው ሆኖ ያርፋል።

ይህ ሁሉ ግን ከአባሪው ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው። የሌለ አባሪ ከዳር እስከ ዳር ሲኖር አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ወጪ መዝገብ ላይ «ከነአባሪው» ተብሎ ይመዘገባል፤ መዝጋቢዋ ደብዳቤው የሚለውን ነው የምትጽፈው፤ ገጽ ቁጠሪ ያላት የለም። ከተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ገቢ መዝገብ ላይ «ከነአባሪው» ይሰፍራል። አሁን ሁለት ማኅተም አለው። ኃላፊው ጠርዙ ላይ «በአባሪው መሠረት ይፈጸም» ብለው ይመራሉ። ባለሙያው ፋይሉን ገልብጦ ገልብጦ ያጣዋል፤ ግን ማኅተም ያረፈበትን ነገር የለም ማለት እንዴት ይቻላል? «አባሪውን መርምረን ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል» ብሎ ይጽፋል። ግልባጩ ለፋይናንስ፣ ለኦዲትና ለመዝገብ ቤት ይሄዳል፤ እያንዳንዱም «ከ3 ገጽ አባሪ ጋር»። ሦስት ቢሮ ሦስት ሦስት ገጽ፣ ዘጠኝ ገጽ የሌለ ወረቀት ካዝና ውስጥ ይቆለፋል። በዓመቱ ኦዲተር መጥቶ አባሪው የት አለ ሲል መዝጋቢዋ ትጠየቃለች። የፈረመችበት አለ። የጠፋውን አባሪ የሚያፈላልግ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊው፣ አበሉ ይመደባል፤ ከሁለት ወር ፍለጋ በኋላ ኮሚቴው ዝርዝር ሪፖርቱን ያቀርባል፤ ሪፖርቱ ግማሽ ገጽ ሲሆን የቀረው በአባሪ ተያይዟል።

ምን ያስቃል? መዝጋቢዋ ደሞዟ ሊቆረጥ ይችላል። ያልጨመርከውን ነገር ጨምሬያለሁ ካልክ ዋሽተሃል፤ ሌላ ስም የለውም።

እኛ ሰፈር አሮጌ ነገር የሚናቅ አይደለም። ቁራሌው ከየመንደሩ ለቃቅሞ ያመጣው ሁሉ እዚህ ሌላ ነገር ይሆናል። ጋሼ ግን የ200 ሊትር የዘይት በርሜል ሲረከቡ መጀመሪያ ቅባቱን ያቃጥላሉ፣ በመሮ ይሰነጥቃሉ፣ ቀጥቅጠው ያቃናሉ፤ የፋብሪካውን ጽሑፍ በብረት ብሩሽ ሳይፍቁ ቀለም አያስነኩም። ደብዳቤውም መታረም የነበረበት እንዲሁ ነበር። የአምናውን ከመክፈት ስም፣ ቀን፣ ጉዳይና ሰላምታ ባዶ የሆነበት አንድ ናሙና ማስቀመጥ ይበቃል፤ ባዶ ቦታ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ የተሳሳተ ስም ግን ሞልቶ ስለሚታይ ይታለፋል። አባሪውን አስቀድሞ መስቀል፣ ከዚያ ደብዳቤውን መጻፍ፣ የተቀባዩን አድራሻ መጨረሻ ላይ መሙላት፤ አድራሻ የሌለው ኢሜይል በስህተት አይሄድም። ይህ ከአንድ ቡና ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው።

እኔ ግን ትሑት ሆኜ «አባሪው አልደረሰንም» ብዬ መለስኩላቸው። በማግሥቱ «ከላይ በተያያዘው መሠረት» የሚል መልስ መጣ፤ ከላይ የተያያዘ የለም። ይህም ምክንያት አለው። ኢሜይል ላይ «መልስ» የሚለውን ስትጫን ፋይሉ ይወድቃል፣ «ተያይዟል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ከታች እንደተሰቀለ ይቀጥላል። «አስተላልፍ» የሚለውን ስትጫን ደግሞ ፋይሉም፣ የቀድሞው ልውውጥም፣ የነማን እንደነበረም ተግተልትሎ አብሮ ይሄዳል። ደግሜ ጻፍኩ። ይሄን ጊዜ አስተላለፉልኝ።

አባሪ መጣ። ከፈትኩት። ከእኛ ሁለት ሱቅ አልፎ ያለው ጎረቤታችን ለዚሁ ግዥ ያስገባው ፕሮፎርማ ነው፤ የአንዱ በርሜል ዋጋ፣ ቫቱ፣ ማኅተሙ፣ ፊርማው ሁሉ አለበት። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዋጋ ማወዳደር ማለት አንዱ የሌላውን ሳያይ ሲሰጥ ነው። ጋሼ ስክሪኑን አዙሬ ሳሳያቸው ፊታቸውን አዞሩና «ዝጊው» አሉኝ። ዘጋሁት፤ ግን አንዴ የታየ ቁጥር ከጭንቅላት አይወጣም። ዋጋችንን ቀድሞ በያዝነው ሂሳብ አስገባን። የእኛም ዋጋ እስካሁን ለማን ለማን ተላልፎ እንደሆነ የሚነግረን አላገኘንም።