በአሸዋ ላይ የተጻፉ ሦስት ምንጮች

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ድርቅ በገባበት ዓመት አንበሳ ንጉሥ፣ ጦጣ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበሩ። በአገሩ የቀሩት ምንጮች ሦስት ብቻ ስለሆኑ ጦጣ ዞራ አይታ ለንጉሡ አቀረበች።

«ጃንሆይ፣ የላይኛው ምንጭ ውኃው ብዙ ነው፤ መንገዱ ግን ሩቅ ነው። መካከለኛው ይቀርባል፤ አዞ አለበት፤ አዞው ግን ጠዋት ዐለት ላይ ወጥቶ ፀሐይ ስለሚሞቅ ማልዶ የሄደ ጠጥቶ ይመለሳል። የታችኛው ከሁሉም ቅርብ ነው፤ ውኃውን ከጉብታው ላይ ሆኜ አየሁት፤ ወደ ዳሩ ግን አልወረድኩም...»

ነገሩ ሳያልቅ ንጉሡ አንቀላፋ። ደጅ የቆሙት ጎሾች በጥም ተንበረከኩ።

ሲነቃ «አንድ ጊዜ አይቼ የምለየው አድርጊልኝ» አላት።

ጦጣ አሸዋ ደልድላ ሠንጠረዥ ሠራች። ለየምንጩ አንድ ረድፍ ሰጠች፤ ውኃ፣ መንገድና አዞ የሚሉ ሦስት ዓምዶች አቆመች። መንገዱንም ሁሉ በአንድ ልክ፣ በጎሽ እርምጃ አስቆጠረች። ጎሾቹ ዓምዱን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ወርደው የሚሄዱበትን ወዲያው ለዩ። አገሩ ሁሉ መረቃት።

የመካከለኛው ምንጭ አዞ ግን ከሣጥኑ አልገባ አለ። «አለ» ብትል ማልዶ የሚሄደው በከንቱ ይጠማል፤ «የለም» ብትል አርፍዶ የሚሄደው ይበላል። ከግርጌው ማስታወሻ ልትጽፍ ስትጎነበስ ንጉሡ «ጭራ አታንጠልጥይበት» አላት። «አልፎ አልፎ» ብላ ጻፈች። ለታችኛው ምንጭ ባዶውን ተወችው።

ኤሊ ቀስ ብላ መጥታ «ጦጢት፣ ይሄ ባዶው ምንድን ነው?» አለቻት።

«አላየሁም ማለት ነው።»

«ታዲያ አላየሁም ብለሽ ጻፊዋ።»

«ጃንሆይ ያላየ ጸሐፊ አይወዱም።»

አንድ ግልገል ሚዳቋ ሣጥኑ ባዶ መሆኑን አይቶ አዞ የለም ብሎ ወደ ታች ወረደ። በዚያ ሁለት አዞዎች ነበሩ።

እናቲቱ እያለቀሰች ደጅ ጠናች። ንጉሡ ግን ረጅም ነገር መስማት ትቶ ስለነበር «በሠንጠረዥ አምጪው» አላት። ጦጣ አገዘቻትና «ልጅ፦ 1» ተብሎ ተጻፈ። ንጉሡ አየት አድርጎ «ትንሽ ነው» አለና ወደሚቀጥለው ረድፍ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ሙግቱም፣ ለቅሶውም፣ የሠርግ ምርቃቱም በሣጥን ሆነ። «ግን» የሚል ቃል ቦታ ይፈጃል ተብሎ በአዋጅ ተከለከለ።

አንድ ቀትር ላይ ንጉሡን ራሱን ጠማው። ሠንጠረዡን አየ፤ መንገዱ አጭር፣ የአዞው ሣጥን ባዶ። ብቻውን ወደ ታችኛው ምንጭ ወረደ።

መሸ፤ አልተመለሰም። ጦጣ በአሸዋው ላይ «ንጉሥ» የሚል አዲስ ዓምድ ጨመረች። ከሥሩ ምን እንደምትሞላ ጨንቋት ባዶውን ተወችው።

በማግሥቱ እንስሳቱ መጥተው ባዶውን ሣጥን አዩ። «ተመስገን፣ ምንም የለም» ተባባሉና ተከታትለው ወደ ታችኛው ምንጭ ወረዱ።