ለአክስቴ ሦስት መስመር

አክስቴ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። ልጇ በአካውንቲንግ ሲመረቅ ሱቋም አብራ ወግ ማዕረግ አየች፤ በየጠዋቱ በቴሌግራም ሁለት ገጽ ሪፖርት ይገባላት ጀመር። ባለ ቀለም ክብ ሥዕል ሁሉ አለው። የሚደርሳት ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት አክስቴ በአንድ እጇ ዳቦ ትቀበላለች፣ በሌላው መልስ ትሰጣለች፣ መነጽሯ የት እንዳለ ደግሞ እግዜር ይወቀው። ሲመራት ደወለችልኝ።

«አንተ፣ ሥራህ የሰው ጽሑፍ መቁረጥ አይደል? በል የልጄንም ቁረጥልኝ።»

አንድ መለኪያ ብቻ ይዤ ተቀመጥኩ፦ ይህን ቁጥር ብታይ እስከ ምሳ ድረስ ምን ታደርግበታለች? ምንም የማታደርግበት ከሆነ ይውጣ።

መጀመሪያ የተባረረው «በብዛት የተሸጠ ምርት» ነው። ዳቦ። ትናንትም ዳቦ፣ ከትናንት ወዲያም ዳቦ። «አማካይ ግዢ በደንበኛ» ተከተለው፤ ለለቅሶ ቤት ውሃ በእሽግ በእሽግ የተወሰደ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ የከበረ ያስመስላል። «የዕለቱ የተጣራ ትርፍ» ላይ ግን ከተመራቂው ጋር ልንጣላ ነበር። ኪራይ በወር አንዴ ይከፈላል፣ ዕቃ በካርቶን ይገባል። እሱ ደግሞ ወጪውን በተከፈለበት ቀን ስለሚያወርድ እናቱ አንድ ቀን ከስራ በማግስቱ ሀብታም ሆና ታድራለች። ትርፍ ወሩ ሲያልቅ ተረጋግቶ ይሰላ ብለን ታረቅን።

የቀረው የመጀመሪያው መስመር የትናንት ሽያጭ ነው። ልጁ ከዋዜማው ጋር ያወዳድረው ስለነበር ዓርብ በመጣ ቁጥር «ሽያጭ አሽቆለቆለ» የሚል ቀይ ቀስት ይወጣል። ዓርብ እኮ ጾም ነው፤ ወተትና እንቁላል የሚገዛው ያንሳል። አሁን ዓርብ የሚወዳደረው ካለፈው ዓርብ ጋር ነው፦ 18,400 ብር፣ ያለፈው ዓርብ 17,900። ሁዳዴ ሲገባ ይህም ለአንድ ሳምንት ይሳሳታል፤ ሰኞም ማክሰኞም ጾም ሆኖ ካለፈው የፍስክ ሰኞ ጋር ይላተማልና። ያን ሳምንት ቀስቱ ይረፍ።

ሁለተኛው መስመር የመሳቢያው ነው፣ እኔ ከሁሉም የምወደው። ከ18,400ው 9,600 በእጅ፣ 6,300 በቴሌብርና በባንክ፣ 2,500 በዱቤ ነው። መሳቢያው ጠዋት ለመልስ 1,000 ብር ነበረው። ከድሮ ባለ ዱቤዎች 1,200 በእጅ ተመለሰ፤ ይህ ገንዘብ እንጂ የትናንት ሽያጭ አይደለም። ለዳቦ አምጪው 3,400 ወጣ። እንግዲህ መሳቢያው ውስጥ 8,400 መገኘት አለበት። የተቆጠረው 8,050 ነው። ለአክስቴ ይህ ሁሉ ስሌት አይላክላትም፤ የሚላክላት «350 ይጎድላል» ነው። እሷም የሱቁን ልጅ ጠርታ «ማታ ሳይከፍል የወሰደ ማነው?» አለችው። አንዲት ጎረቤት «ነገ እሰጣለሁ» ብላ ሳሙና ወስዳለች፣ እሱ እንደ እጅ በእጅ ጽፎታል። ወደ ዱቤ ደብተሩ ተዛወረ፣ አለቀ። ይህንኑ ጥያቄ በሳምንቱ ብትጠይቀው ልጁ ሳሙናውንም ጎረቤቲቱንም አያስታውስም ነበር።

ሦስተኛው፣ ሊያልቅ ያለው ዕቃ ነው። መደርደሪያው ላይ ስንት እንዳለ ብቻ መንገር አይበቃም፤ የሚቀጥለው ጭነት እስኪመጣ ያደርሳል ወይ? ባለ 5 ሊትር ዘይት 6 ቀርቷል፣ በቀን 3 ይሸጣል፣ አከፋፋዩ የሚመጣው ማክሰኞ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እሁድ ማታ ያልቃል፣ ሰኞ ዘይት የለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ከሌላ ቦታ ጥቂት ታስመጣለች። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የተመራቂው ሪፖርት አንድ ጊዜ «የእንቁላል ፍላጎት እጅግ ቀንሷል፣ ትእዛዝ ይቀነስ» ብሎ ነበር። አክስቴ ስልኩን አፍጥጣ አየችው።

«እንቁላል እኮ ከማክሰኞ ጀምሮ የለኝም!»

ዕቃው ጠፍቶ የዋለባቸው ቀናት ከአማካዩ እንዲወጡ የተደረገው ያን ዕለት ነው።

ሦስቱን መስመር ልኬላት ሳበቃ አክስቴ አራተኛ ጨመረች፤ ቁጥር የሌለው፣ የሱቁ ልጅ ማታ ሲዘጋ የሚናገረው። «ከሰዓት መብራት አልነበረም»፣ «ዝናብ ነበር»፣ «ጎን ያለው ሱቅ ዘግቶ ዋለ»። ተመራቂው ይህ ዳታ አይባልም ብሎ ተከራከረ። እሷ ግን ከሁሉ አስቀድማ የምታነበው እሱን ስለሆነ ከላይ አስቀምጠነዋል።