ጉዳዩ፡- የሥራ ሰዓትን ይመለከታል

የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሦስት ዓይነት አንባቢ አለው። አንደኛው ማኅተሙን አይቶ የሚያልፍ ነው። ሁለተኛው ከግርጌ ጀምሮ ግልባጩ ለማን ለማን እንደተደረገ የሚያጠና ነው። ሦስተኛው ጨርሶ ሳያነብ ካነበቡት ሁሉ አብልጦ የሚያውቅ ነው። ስለ ሥራ ሰዓት የሚያወራ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ግን ሦስቱም ሰሌዳው ፊት ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ። ሰዓት ሲነካ ታክሲው ይነካል፣ ልጅ ማድረሱ ይነካል፣ የማታ ትምህርቱ ይነካል፣ ቅዳሜ የተቀጠረው ለቅሶና ሠርግም ይነካል።

እኔ የአንድ ማተሚያ ቤት የአስተዳደር ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ አለቆች ያሰቡትን ነገር ሠራተኛው በሚገባው አማርኛ መጻፍ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ አለቆች ራሳቸው ምን እንዳሰቡ እንዲገባቸው መጻፍ ነው።

የኛ ቤት ሰዓት ለዓመታት እንዲህ ነበር። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጧቱ 2፡30 እስከ ማታ 11፡30፣ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ምሳ። ዓርብ ምሳው ከ5፡30 ይጀምራል፤ የጁምዓ ሰጋጁም ሰግዶ፣ ጿሚውም ጾሙን በልቶ ይመለሳል። ቅዳሜ ከ2፡30 እስከ 6፡30። ሲደመር በሳምንት 43 ሰዓት። አዲሱ አሳብ ደግሞ ይኸ ነው፦ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በግማሽ ሰዓት ቀድሞ መግባት፣ በግማሽ ሰዓት ዘግይቶ መውጣት፣ ዓርብን እንዳለ መተው፣ ቅዳሜን መዝጋት። ዘጠኝ ሰዓት በአራት ቀን 36፣ የዓርብ 7፣ ሲደመር ያው 43። አንዲት ደቂቃ አልተጨመረም፣ አንዲት ደቂቃም አልተቀነሰም።

ይህንን ነው ለመላው ሠራተኛ ማስረዳት ያስፈለገው። ቀላል ይመስላል።

ሥራ አስኪያጃችን አጭር ነገር ይወዳሉ። የእሳቸው ማስታወቂያ ሁለት መስመር ነበር፦ «ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የሥራ ሰዓት 8፡00 – 6፡00 መሆኑን እያሳወቅን ለትብብራችሁ እናመሰግናለን።» ምክንያት የለም፤ ቅዳሜ የት እንደገባች የለም። ሰዓቱ ደግሞ የተጻፈው በኮምፒዩተራቸው አቆጣጠር ነው። የግቢው ጥበቃ አንብበው «እንግዲህ ከቀኑ ስምንት እስከ ማታ ስድስት ሰዓት ሊያሠሩን ነው» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰዓትን የሚያውጅ ሰው «ከጧቱ»ን እና «ከምሽቱ»ን መቆጠብ የለበትም፤ ቀለሙ እንደሆነ የራሳችን ነው።

ማስታወቂያው ምክንያት ስላልያዘ ሠራተኛው ከየቤቱ ምክንያት ይዞ መጣ። እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ ድርጅቱ ሊሸጥ ነው ተባለ። እስከ ምሳ ድረስ ገዥው ታወቀ። ማታ ሰርቪስ ውስጥ ከጥረዛ ክፍል እነማን እንደሚቀነሱ ስም ዝርዝር ወጣ። ከሁሉ የተዋጣው ግን ሥራ አስኪያጁ ልጃቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱበት ሰዓት ስለተቀየረ ነው የሚለው ነበር። እሳቸው ልጃቸው ከተመረቀ ቆይቷል፤ ይህን የሚያውቁትም ወሬውን ከማሰራጨት አልቦዘኑም።

ማስታወቂያው በማግስቱ ተነሳና ጉዳዩ ወደ ዕቅድ ክፍል ኃላፊው ተመራ። እኒህ ሰው ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፤ ባዶ ቦታ አይወዱም። ሦስት ገጽ ጻፉ። «እንደሚታወቀው» ብለው ጀምረው ማንም የማያውቀውን ሁሉ ደረደሩ። የትራፊክ መጨናነቅን ማስቀረት፣ የሠራተኛውን ጤንነት መጠበቅ፣ ከቤተሰብ ጋር የሚያሳልፈውን ጊዜ ማብዛት፣ የሌሎች አገሮችን ተሞክሮ መቅሰም፣ የሥራ ተነሳሽነትን ማጎልበት... የነዳጅ ወጪ በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ብቅ ብላ አፍራ ተመለሰች።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ሠራተኛው ጠንካራውን ምክንያት ነክቶ አልነካም፤ ደካማ ደካማውን እየመረጠ ጣለ። «ማታ 12 ሰዓት ላይ መንገዱ ይከፈትልናል ያለው ማነው?» አለ የሰርቪስ ሾፌሩ። የኦፍሴት ማሽኑ አንጋፋ ባለሙያ ደግሞ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ለጤንነቴ ከታሰበ በግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ አትቀስቅሱኝ» አሉ። ከአሥር ምክንያት ሁለቱ ሲወድቁ የቀሩትም አብረው የወደቁ ያህል ሆነ። ክርክር እንደ አጥር ነው፤ ላሟ የምትገባው በጠንካራው እንጨት በኩል አይደለም።

ነገሩን የፈቱት ጋሼ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ማሽን ክፍል ወርደው «እርስዎ ቢሆኑ ምን ብለው ይጽፉ ነበር?» ሲሏቸው «መጀመሪያ እውነቱን ይንገሩኝና» አሉ። እውነቱ ደግሞ የተገኘው እዚያው እሳቸው እጅ ላይ ነው።

ማሽኑ ጧት እንደተነሳ አያትምም። ፕሌት ይታሰራል፣ ቀለም ይሰጠዋል፣ ቀለማቱ አንዱ በአንዱ ላይ ልክ እስኪቀመጡ የመጀመሪያዎቹ ሉሆች ይጣላሉ። ይህ በኛ ማሽን አንድ ሰዓት ያህል ይበላል። ማታ ደግሞ ሮለሩ መታጠብ አለበት፤ ቀለም ደርቆበት ካደረ የነገው ሥራ ተበላሸ ማለት ነው። ይኸኛው አርባ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። ቅዳሜ ከምንሠራው አራት ሰዓት ላይ እነዚህን ሲቀንሱ ለኅትመት የሚተርፈው ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ያችኑ አራት ሰዓት ግን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብናከፋፍላት ማሽኑ ቀድሞውንም ተነስቷል፣ ማታም መታጠቡ አይቀርም፤ ስለዚህ አራቱም ሰዓት ኅትመት ይሆናል። በዚያ ላይ ደንበኞቻችን ባብዛኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ቅዳሜ ያተምነውን የሚረከበን የለም። ሰርቪሱም ለግማሽ ቀን ሲል ሙሉ መንገዱን ይመላለሳል።

ከሦስት ገጹ ውስጥ ውሳኔውን በእርግጥ ያስወሰኑት እነዚህ ናቸው፦ እጥበቱ፣ ርክክቡና ነዳጁ። መለያው አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ምክንያት ውሸት ሆኖ ቢገኝ ውሳኔያችን ይቀየር ነበር? ትራፊኩ ባይቀልም ቅዳሜን እንዘጋ ነበር፤ እንግዲያው ትራፊክ ይውጣ። እጥበቱ ባይኖር ግን ነገሩ ሁሉ ባልታሰበም፤ እንግዲያው እጥበቱ ይግባ።

ነዳጁ ላይ ሥራ አስኪያጁ ትንሽ አንገራገሩ። «ድርጅቱ ደኸየ ይሉናል» አሉ። ጋሼ ግን «ግማሽ ባዶ የሆነውን ሰርቪስ በየቅዳሜው የምንሳፈርበት እኛ ነን፤ እኛን ነው የሚደብቁን?» ብለው ዘጉት። አሠሪው የሚጠቀምበትን ምክንያት ደብቆ ሠራተኛው የሚጠቀምበትን ብቻ የሚያወራ ማስታወቂያ፣ ሠራተኛውን ምን ተደበቀ እያለ ሲፈትሽ ያውለዋል።

እጥበቱን የማስገባቱ ጉዳይ ደግሞ የጨዋነት ብቻ አይደለም። ማስታወቂያው ገና ረቂቅ ሳለ ከጥረዛ ክፍል አንድ ጎበዝ ሒሳቡን ሠርቶ መጣ፦ በቀን ዘጠነኛዋ ሰዓት ትርፍ ሰዓት ናት፤ በሳምንት አራት ሰዓት በአንድ ተኩል ሲባዛ የስድስት ሰዓት ደመወዝ ይወጣዋል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እንደሚባዛም እውነት ነው። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ካደረገ በኋላ፣ በአንቀጽ 63 ሥራው ሲያስገድድ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን ለሌሎቹ ቀናት ማከፋፈልን ይፈቅዳል፤ በስምንቱ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ እስካልተጨመረ ድረስ። ልብ በሉ፤ «ሥራው ሲያስገድድ» ነው የሚለው። ሕጉ ራሱ ምክንያት ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ከሥራው ጠባይ የተገኘ ምክንያት ነው። ያልታጠበ ሮለር ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል፤ «የሥራ ተነሳሽነትን ለማጎልበት» ግን አይሆንም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ከምክንያት ይልቅ ሠራተኛው የሚፈልገው ነገር ነው፦ ምን አይለወጥም? ደመወዝ አይነካም። የዓመት ፈቃድ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ስለሆነ ቅዳሜ የሥራ ቀን መሆኗ ሲቀር ከፈቃድ አትቆጠርም። ይህን ስትሰማ የደመወዝ ክፍሏ እህታችን ዓይኗ በራ፤ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ያለው ሰው በስድስት ቀን ሳምንት ሦስት ሳምንት አይሞላለትም ነበር፣ በአምስት ቀን ሳምንት ግን ሦስት ሳምንት ሞልቶ አንድ ቀን ይተርፈዋል። ዕቅድ ክፍሉ በሦስት ገጽ ውስጥ ያላገኘው እውነተኛ ጥቅም ይኸው ነበር።

ጉዳቱም መጻፍ ነበረበት። የማታ ተማሪዎች አሉን፤ 12 ሰዓት ላይ ከግቢ የወጣ ሰው ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አይደርስም። ይህን ዘልለን ብንለጥፈው ኖሮ ሰሌዳው ፊት ጮክ ብሎ የሚናገረው የመጀመሪያው ሰው ያ ተማሪ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ቢደረደር ማን ያምናል?

ሌላም ያወጣነው ነገር አለ። የዕቅድ ክፍል ኃላፊው «ቅዳሜ ቀሪ የሚበዛ በመሆኑ» የምትል ሐረግ ሸጉጠው ነበር። ቀሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ይታወቃሉ፤ ለእነሱ ደብዳቤ ይጻፋል እንጂ ቅዳሜን ሳያጓድል ለኖረ ሰው ዘለፋ አይለጠፍም።

የሠራተኛ ማኅበሩ ረቂቁን አይቶ ከተስማማበት በኋላ የወጣው ማስታወቂያ እነሆ፦

«ለመላው ሠራተኞች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጧቱ 2፡00 እስከ ምሽቱ 12፡00 ሰዓት እንሠራለን፤ ምሳ እንደበፊቱ ነው። ዓርብ አይለወጥም። ቅዳሜ ዝግ ነው። የሳምንቱ ድምር 43 ሰዓት እንደሆነ ይቀጥላል። ምክንያቱ፦ ቅዳሜ ከምንሠራው አራት ሰዓት ግማሽ ያህሉ ማሽን በማዘጋጀትና በማጠብ ያልቃል፤ ደንበኞቻችን ቅዳሜ አይረከቡም፤ የሰርቪስ ነዳጅም ይቆጥባል። ደመወዝ አይነካም፤ ቅዳሜ ከዓመት ፈቃድ አትቆጠርም። ለውጡ የማታ ተማሪዎችን እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ መታወቂያ ይዘው ለቅርብ ኃላፊያቸው ያመልክቱ፣ የመውጫ ሰዓት ይመቻችላቸዋል። ቅዳሜ መዘጋቱ የተወሰነ ነው፤ የሰርቪስ መነሻ ሰዓት ግን ገና ስለሆነ አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ ስጡን።»

ማስታወቂያው በተለጠፈ ዕለት ማጉረምረም አልቀረም። ግን ሁሉም ያጉረመረመው ስለ ሰርቪሱ ነበር፤ አስተያየት የተጠየቀውም ስለ እሱ ነው።

እንግዲህ ማስታወቂያ የምትጽፉ ወገኖቼ፣ ያስወሰናችሁን ምክንያት ብቻ ጻፉ፤ እሱን ግን አታስቀሩ። ሌላውን ሠራተኛው በሻይ ሰዓት ራሱ ይጨምርበታል።